ላይና ታች ያለው የክር ቴንሽን፦ መቼ 6mg፣ መቼ 2mg፣ መቼ ሁለቱም ያልሆነ

እዚህ ደሴ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ፊዚክስ ሳስጠና በየዓመቱ የማይቀርልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «በቁም ክብ ላይ የሚዞር ዕቃ ታች ሲሆንና ላይ ሲሆን ያለው የቴንሽን ልዩነት 6mg ነው ወይስ 2mg?» አንዱ ደብተሩ ላይ 6mg አግኝቷል። ሌላዋ 2mg አግኝታለች። ሁለቱም ስሌታቸው ልክ ነው። ከዚያ ደግሞ አንዱ ይመጣና «ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ በእጁ አዙሮ በቪዲዮ ለካው፤ አንዱም አልወጣለትም» ይላል። እሱም ልክ ነው።

ስለዚህ መልሱን ከነአሠራሩ እዚህ ላስቀምጠው። አንድ ከረጢት አሸዋ በሲባጎ አስራችሁ ታሽከረክራላችሁ፣ በስልክ ትቀርጻላችሁ፣ ፍጥነቱን ላይና ታች ትለካላችሁ፣ ከዚያ ቴንሽኑን ታሰላላችሁ። መጀመሪያ ግን ስሌቱ ከየት እንደሚመጣ ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፤ ያለ እሱ ልኬቱ ትርጉም የለውም።

ስሌቱ በአጭሩ

ዕቃው ታች ሲሆን ክሩ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ የመሬት ስበት ወደ ታች። የክቡ መሃል ያለው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ክሩ ሁለት ሥራ አለበት፦ ክብደቱን ይሸከማል፣ በዚያ ላይ ዕቃውን ወደ መሃል ያጥፋል። ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የክቡ መሃል አሁን ወደ ታች ነው፤ ስበትም ወደ ታች ነው። ስበት ክሩን ያግዘዋል፤ ለክሩ የሚቀረው የጎደለውን መሙላት ብቻ ነው።

ታች ያለውን ቴንሽን T1፣ ፍጥነቱን v1 እንበል። ላይ ያለውን ደግሞ T2 እና v2።

```
T1 = m*v1²/r + m*g
T2 = m*v2²/r - m*g
T1 - T2 = 2*m*g + m*(v1² - v2²)/r
```

ሦስተኛውን መስመር በደንብ እዩት፤ የጭቅጭቁ ሁሉ መፍቻ እሱ ነው። ፍጥነቱ ላይም ታችም እኩል ከሆነ የቅንፉ ውስጥ ዜሮ ይሆንና 2mg ብቻ ይቀራል። ዕቃውን አንዴ ወርውራችሁ ከለቀቃችሁትና ፍጥነቱን የሚቀይረው ስበት ብቻ ከሆነ ደግሞ v1² ከ v2² በ 4gr ይበልጣል። ይህ በ r ሲካፈል በ m ሲባዛ 4mg ይሰጣል፤ ከ2mg ጋር 6mg። በእጃችሁ እያዞራችሁ ከሆነ እጃችሁ መሃል ገብቶ ፍጥነቱን ይቀይራል። ያኔ ልዩነቱ በቃል የሚያዝ ቁጥር የለውም። ሁለቱንም ፍጥነት መለካት ግድ ነው።

እዚህ ጋ ብዙዎች የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር አለ። «mv²/r እኮ ፍጥነቱ ለማይቀየር ነው፤ እዚህ ፍጥነቱ እየተቀየረ እንዴት እንጠቀምበታለን?» እንጠቀምበታለን። mv²/r የሚነግረን ዕቃው በዚያች ቅጽበት መንገዱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ብቻ ነው። ቀጥሎ ይፍጠን ይዘግይ አያገባውም። ፍጥነትን የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ኃይል በመንገዱ አቅጣጫ ነው የሚሠራው፤ ወደ መሃል የሚጎትተው ደግሞ ለመንገዱ ቀጤ ነክ ነው። ስለዚህ የቅጽበቱን ፍጥነት እስካስገባችሁ ድረስ ቀመሩ ይሠራል። የዙሩን አማካይ ፍጥነት ካስገባችሁ ግን አይሠራም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሲባጎ፣ 1 ሜትር ያህል። የማይለጠጥ ይሁን። ላስቲክ ወይም የሹራብ ክር አይሆንም፤ ታች ሲደርስ ይረዝምና r ይቀየርባችኋል።
- አሮጌ ካልሲና ደረቅ አሸዋ። አንድ ላይ 200 ግራም እንዲሆን በሱቅ ሚዛን አስመዝኑ። ድንጋይ፣ ብሎን፣ ቁልፍ አይሆንም፤ ምክንያቱን ማስጠንቀቂያው ላይ አነሳዋለሁ።
- ረጅም ለስላሳ ሚስማርና አንድ የቁልፍ መያዣ ቀለበት።
- የማይነቃነቅ ቋሚ እንጨት ወይም የአጥር ምሰሶ። ሚስማሩ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከ30 ላይ እንዲመታ።
- ቀስ አድርጎ የሚቀርጽ ስልክ። ካሜራው ላይ `Slow motion` የሚል ካለ ይበቃል፤ `240fps` ከሆነ ጥሩ፣ `120fps`ም ያሠራል።
- ሜትር፣ ማስመሪያ፣ እስክርቢቶ። ቪዲዮውን ላፕቶፕ ላይ ማየት ብትችሉ በስልክ ስክሪን ከመለካት በጣም ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ

ክሩ ቢበጠስ ወይም ቋጠሮው ቢፈታ ከረጢቱ ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በዚያች ቅጽበት ይጓዝበት ወደነበረው አቅጣጫ ነው የሚፈተለከው፤ ከታች ከተበጠሰ መሬቱን ታክኮ ወደፊት፣ ሲወጣ ከተበጠሰ ወደ ሰማይ። በዚህ መመሪያ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከረጢቱ በሚዞርበት መስመር ላይ፣ ከወዲህም ከወዲያም፣ ማንም አይቁም። ቀራጩም ተመልካቹም ከዚህ መስመር ወጥቶ፣ ክቡን ፊት ለፊት በሚያይበት በኩል ይሁን። የካልሲ አሸዋ ቢመታችሁ ያማል እንጂ አይሰብርም። ብሎን ግን ዓይን ያጠፋል። መስኮትና የመኪና መስታወት ካለበት ራቁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር በፍጹም አትሞክሩት።

ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ፈትኑት። ስሌቱ እንደሚያሳየው ታች ያለው ቴንሽን ወደ 12 ኒውተን ነው፤ ይህ 1.2 ኪሎ ያህል ዕቃ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል ከሚጎትተው ጋር እኩል ነው። እናንተ 4 ሊትር ውሃ በያዘ ጄሪካን ፈትኑት። ቋጠሮው ሳይንሸራተት ለጥቂት ደቂቃ ከያዘ በቂ መተማመኛ አላችሁ። ከ200 ግራም በላይ ልትጨምሩ ካሰባችሁ ፈተናውንም በዚያው ልክ አሳድጉት።

አሠራር

1. ሚስማሩን ምሰሶው ላይ ምቱት፤ ጭንቅላቱ በኩል ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ትንሽ ወደ ላይ ያዘንብል፤ ቀለበቱ እንዳይወጣ ጭንቅላቱ ከልክሎ ይይዘዋል። ቀለበቱን ሚስማሩ ላይ አጥልቁት፣ ክሩን ከቀለበቱ ጋር እሰሩ። ክሩን በቀጥታ ሚስማሩ ላይ አትሰሩት። ከታሰረ በየዙሩ ሚስማሩ ላይ እየተጠመጠመ ያጥራል፤ r ሲያጥር ደግሞ ያገኛችሁት ቁጥር የምን እንደሆነ አታውቁትም። ከረጢቱ ምሰሶውን እንዳይነካ ቀለበቱ ወደ ሚስማሩ ጫፍ ጠጋ ይበል።

2. ከረጢቱን አንጠልጥሉና r ለኩ። የሚለካው ከሚስማሩ መሃል እስከ ከረጢቱ መሃል ነው። የክሩ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ቀለበቱም የከረጢቱ ግማሽም ይገባል። በትክክል 80 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ቋጠሮውን አስተካክሉ። የአሸዋ ካልሲ ወደ ታች ይረዝማልና አፉን አጥብቃችሁ ኳስ አስመስላችሁ እሰሩት፤ መሃሉን ማግኘት ይቀላል።

3. ስልኩን ክቡ ፊት ለፊት፣ ከ3 ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ ከሚስማሩ ጋር እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጡ። በጣም ከቀረባችሁ ወይም ከጎን ከቀረጻችሁ ክቡ እንቁላል ይሆናል፤ ታችና ላይ ያለው ርቀት በአንድ ሚዛን አይለካም። በእጅ አትያዙት። ደሴ ደግሞ ለጥ ያለ ግቢ ማግኘት ከባድ ነው፤ ስልኩ ያዘነበለበትን ማወቅ አለባችሁ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከመወርወራችሁ በፊት ከረጢቱ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ሳለ ጥቂት ሰከንድ ቅረጹ። የቆመው ክር እውነተኛው ቁም መስመር እሱ ነው። በኋላ «ታች» እና «ላይ» የምትሉት ከዚህ መስመር ጋር የተገጠመውን ፍሬም ነው።

4. ከረጢቱን ከታች ይዛችሁ ወደ ጎን፣ በክቡ መንገድ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ወርውሩና ወዲያው እጃችሁን አንሱ። ከዚህ በኋላ ማንም አይንካው። ላይ ደርሶ ክሩ ሳይረግብ እንዲያልፍ ታች ሲነሳ ያለው ፍጥነት ቢያንስ √(5gr) መሆን አለበት። ለ80 ሴንቲ ሜትር ይህ በሰከንድ 6.3 ሜትር ገደማ ነው። ደካማ ውርወራ ሲሆን ከረጢቱ ከሚስማሩ ከፍታ በላይ ወጥቶ ክሩ ይረግብና ወደ ውስጥ ይወድቃል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ያን ቪዲዮ አትሰርዙት። ቴንሽን ዜሮ ሆነ ማለት በዓይን ምን እንደሚመስል የሚያሳየው እሱ ነው። ለልኬት ግን ሙሉ ዙር የሄደውን ውሰዱ።

5. ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እያዩ ከረጢቱ ላይ ያለፈበትን ቅጽበት ፈልጉ። ላፕቶፕ ላይ `VLC` ካላችሁ ቪዲዮውን አቁማችሁ `E` ስትጫኑ አንድ ፍሬም ይሄዳል። ከዚያች ቅጽበት 6 ፍሬም በፊትና 6 ፍሬም በኋላ ከረጢቱ የነበረበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ በላስቲክ ወይም በስስ ወረቀት አስነክታችሁ ምልክት አድርጉ። ታች ላይም እንዲሁ፣ ግን 3 ፍሬም በፊትና 3 በኋላ። ላይ ቀርፋፋ ስለሆነ ፍሬሙን ካላበዛችሁ የተጓዘው ርቀት ለማስመሪያ በጣም ያንሳል።

   በፊትና በኋላ እኩል መውሰድ ለምን? በነጻ ሽክርክሪት ከረጢቱ ላይ ሲደርስ በጣም ቀርፋፋ፣ ታች ሲደርስ በጣም ፈጣን ነው። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች አካባቢ ፍጥነቱ ለአፍታ እምብዛም አይቀየርም። ግራና ቀኙን እኩል ስትወስዱ የምታገኙት አማካይ ከቅጽበቱ ፍጥነት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ወደ አንድ ጎን ብቻ ከሄዳችሁ ግን የሌላ ቦታ ፍጥነት ነው የለካችሁት።

   ላይ የምትለኩት ከታች በፊት ባለው ማለፊያ ይሁን፤ ማለትም መጀመሪያ ላይ፣ ከዚያ ቀጥሎ ሲወርድ ታች። ከውርወራችሁ ጋር ያለውን ታች አትውሰዱ፤ እጃችሁ ገና እየገፋው ሊሆን ይችላል።

6. የስክሪኑን ርቀት ወደ እውነተኛ ርቀት ቀይሩ። ለዚህ ሌላ ማስመሪያ ከኋላ መስቀል አያስፈልግም፤ ከሚስማሩ መሃል እስከ ከረጢቱ መሃል 80 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ታውቃላችሁ። ከኋላ የተሰቀለ ማስመሪያ ከካሜራው ይርቃልና ያንሳል፤ ክሩ ግን ከከረጢቱ ጋር አንድ ርቀት ላይ ነው። ከዚያ ርቀቱን ለጊዜው አካፍሉ። በ`240fps` ሲሆን 6 ፍሬም 0.025 ሰከንድ፣ 12 ፍሬም 0.05 ሰከንድ ነው።

7. v1 እና v2 ን ቀመሩ ውስጥ አስገቡ። g ን 9.8 አድርጉት። ደሴ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከፍ ያለች ስለሆነች እዚህ ያለው g ወደ 9.78 ይጠጋል። ኮምቦልቻ ብትወርዱ የሚቀየረው ሦስተኛው የነጥብ አሃዝ ነው። በማስመሪያ ለሚለካ ሰው ይህ ምንም አይደለም።

አንድ ልኬት ከነቁጥሩ፦ ወርውሮ መልቀቅ

ስክሪኑ ላይ ከሚስማሩ መሃል እስከ ከረጢቱ መሃል 8 ሴንቲ ሜትር ታየ እንበል። እውነተኛው 80 ነውና 1 ሴንቲ ሜትር በስክሪን 10 ሴንቲ ሜትር በመሬት ነው። ላይ በ12 ፍሬም ከረጢቱ 1.6 ሴንቲ ሜትር ሄደ፤ ያ 0.16 ሜትር በ0.05 ሰከንድ፣ v2 = 3.2 ሜትር በሰከንድ። ታች በ6 ፍሬም እንደገና 1.6 ሄደ፤ 0.16 በ0.025፣ v1 = 6.4።

```
m = 0.2 kg   r = 0.8 m   mg = 1.96 N
T2 = 0.2*3.2²/0.8 - 1.96 = 2.56 - 1.96 = 0.60 N
T1 = 0.2*6.4²/0.8 + 1.96 = 10.24 + 1.96 = 12.20 N
T1 - T2 = 11.60 N = 5.9 mg
```

6mg ማለት 11.76 ኒውተን ነበር። ትንሽ አነሰ። አየርና የቀለበቱ ፍትጊያ ሲወርድ ትንሽ ቀምተውታል፤ ያለ እነሱ v1 ወደ 6.45 ይሆን ነበር። ከ6mg በጣም ያነሰ ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ 5mg፣ ቀለበቱ ሚስማሩ ላይ እየያዘ ሊሆን ስለሚችል በዘይት አለስልሱት። ከ6mg የበለጠ ካገኛችሁ ግን በነጻ ሽክርክሪት ይህ ሊሆን አይችልም። ወይ የማስመሪያው ንባብ ወይም የፍሬሙ ቆጠራ ተሳስቷል፣ ወይ ከረጢቱን ሲወርድ አንድ ነገር ገፍቶታል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ላይ ያለው 0.60 ኒውተን የመጣው 2.56 ላይ 1.96 ሲቀነስ ነው። ሁለት የተቀራረቡ ቁጥሮች ሲቀናነሱ የልኬት ስህተት ይገንናል። ማስመሪያችሁ በ1 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ 1.6 ሳይሆን 1.7 ቢሆን፣ v2 ወደ 3.4 ይወጣል፤ T2 ደግሞ ከ0.60 ወደ 0.93 ይዘላል። አንድ ሚሊ ሜትር ቴንሽኑን በግማሽ አሳደገው! ታች ግን ያው አንድ ሚሊ ሜትር ከ12.20 ወደ 13.5 ገደማ ነው የሚወስደው፤ አሥራ አንድ በመቶ ብቻ። ስለዚህ ላይ ያለውን ከአንድ በላይ ውርወራ ለኩት። ውርወራዎቹ ፍጥነታቸው ስለሚለያይ ግን ቴንሽኖቹን እርስ በርስ አታማክሉ፤ የየዙሩን T1 − T2 ለየብቻ አውጡና ልዩነቶቹን አማክሉ።

ሁለተኛው፦ በእጅ እያዞሩ

እዚህ ጋ ሚስማር የለም፤ ክሩን ይዛችሁ ታዞራላችሁ። ክሩን 70 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። እጃችሁ ግን ዝም ብሎ አይቆምም፤ ሳታውቁት ትንሽ ክብ ይሠራል። ባይሠራ ኖሮ ፍጥነት መጨመር አትችሉም ነበር፤ ክር ወደ ጎን መግፋት አይችልምና። እጃችሁ ከረጢቱን ትንሽ ቀድሞት ስለሚሄድ ነው ክሩ ወደፊት የሚስበው።

ስለዚህ r የክሩ ርዝመት አይደለም። ቪዲዮው ላይ ከረጢቱ የደረሰበትን የላይኛውንና የታችኛውን ነጥብ ፈልጉ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩና ለሁለት ክፈሉት። 1.60 ሜትር ካገኛችሁ r = 0.80 ነው። መንገዱ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ይህ ግምት ነው፤ ሆኖም 0.70 ከማስገባት በጣም ይሻላል። ይህን ሳይለኩ 0.70 የሚያስገቡ ልጆች ታች ላይ ከ1 ኒውተን በላይ ይሳሳታሉ።

ለምሳሌ ላይ 5.0፣ ታች 6.0 ሜትር በሰከንድ ብታገኙ፦

```
T2 = 0.2*25/0.8 - 1.96 = 6.25 - 1.96 = 4.29 N
T1 = 0.2*36/0.8 + 1.96 = 9.00 + 1.96 = 10.96 N
T1 - T2 = 6.67 N = 3.4 mg
```

2mg አይደለም፤ 6mg አይደለም። የኮምቦልቻው ልጅ «አልወጣልኝም» ያለው ይሄን ዓይነቱን ነው። ምን እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ ኢነርጂውን ቁጠሩ። ከላይ በ5.0 የተነሳ ከረጢት ስበት ብቻ ቢያወርደው ታች በ7.5 ይደርስ ነበር። የደረሰው በ6.0 ነው። ሲወርድ ስበት 3.14 ጁል ሰጥቶታል፤ የጨመረው ግን 1.1 ጁል ብቻ። ሁለት ጁል ያህል የት ሄደ? አብዛኛውን እጃችሁ ወስዶታል፤ ሲወርድ ያዝ ያደርገዋል፣ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይሰጠዋል። ክንዳችሁ ውስጥ የሚሰማችሁ ያ «ሳብ፣ ለቀቅ» የሚል ምት ይኸው ነው። በጣም በፍጥነት ካዞራችሁት ልዩነቱ ወደ 2mg የሚጠጋው ሁለቱን ፍጥነቶች እኩል ማድረግ ከቻላችሁ ብቻ ነው። መፍጠኑ ብቻውን አያደርገውም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

*T2 ኔጌቲቭ መጣ።* ክር ይጎትታል እንጂ አይገፋም። ኔጌቲቭ ካገኛችሁ መጀመሪያ ወደ ቪዲዮው ተመለሱ። ክሩ ላይ ሲደርስ ተጣጥፎ ወይም ረግቦ ከታየ ከረጢቱ ቀድሞውኑ ክቡን ለቋል፤ ቀመሩ ለዚያ ዙር አይሠራም። ክሩ ቀጥ ብሎ ከታየ ደግሞ ጥፋቱ የልኬት ነው። ለ80 ሴንቲ ሜትር v2 ከ2.8 በታች ሆኖ ክሩ የተወጠረ ሊሆን አይችልም።

*ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው ብሎ መነሳት።* ይህ ወደ ላይ ከተወረወረ ኳስ የመጣ ልማድ ነው። በክር ላይ ያለ ዕቃ ላይ ደርሶ ፍጥነቱ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ቀጥታ ወደ ታች ይወድቅ ነበር። ዜሮ የሚሆነው ቴንሽኑ ነው፤ እሱም ፍጥነቱ √(gr) ሲሆን። በክር ፋንታ ጠንካራ ዘንግ ቢሆን ነገሩ ይለያል፤ ዘንግ መግፋትም ይችላል። ፈተና ላይ «ክር» እና «ዘንግ» የሚለውን ቃል ሳታነቡ አትለፉ።

*6mg ን በየቦታው መለጠፍ።* ጥያቄው «ፍጥነቱ ሳይቀየር» ካለ 2mg። «በነጻ»፣ «ፍትጊያ ከሌለ»፣ «ከታች በዚህ ፍጥነት ተነስቶ» ካለ 6mg። ሁለት የተለያዩ ፍጥነቶች በቁጥር ከተሰጣችሁ ደግሞ 6mgንም 2mgንም ተዉት፤ ሦስተኛውን መስመር ተጠቀሙ።

*ፍሬሙ በእርግጥ 240 መሆኑን አለማጣራት።* አንዳንድ ስልኮች በመሃል ፍሬም እየደገሙ 240 ያስመስላሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ `E` ስትጫኑ ከረጢቱ አንዴ ይንቀሳቀሳል፣ ቀጥሎ ስትጫኑ ባለበት ይቆማል። ለማረጋገጥ የሌላ ስልክ ስቶፕዎች ከሚንቀሳቀሰው ከረጢት ጋር አብራችሁ ቅረጹና አንድ ሰከንድ ውስጥ ከረጢቱ የተንቀሳቀሰበት ስንት ፍሬም እንዳለ ቁጠሩ። ስትለኩም የተደገመውን ፍሬም እየዘለላችሁ ቁጠሩ፤ ያገኛችሁትንም ቁጥር በ240 ቦታ ተጠቀሙ። ግማሹ ብቻ ከሆነ ፍጥነቶቹ በግማሽ ይቀንሳሉ፤ mv²/r ደግሞ በአራት ይካፈላል።

*እርጥብ ሲባጎ።* ክረምት ላይ ግቢ ውስጥ ያደረ ሲባጎ ይከብዳል፣ ርዝመቱም አይታመንም። ካልሲው አሸዋ ውሃ ከጠጣ 200 ግራሙም ቀርቷል። አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ፤ r ንም እንደገና ለኩ።